የሶፍትዌር ሥራ ውል፣ ክፍል አራት፦ የአእምሯዊ ንብረት ዝውውርና የሞራል መብት

ይህ ክፍል ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሶፍትዌር ሥራ ውል አካል ነው። «ድርጅቱ» የሚባለው በሜክሲኮ፣ በስታዲየምና በአራት ኪሎ ሦስት መድኃኒት ቤቶች ያሉት ሥራ ሰጪ ነው። «ባለሙያዋ» የምትባለው በግሏ የምትሠራው የሶፍትዌር ባለሙያ ናት። የሁለቱም ሙሉ ስምና አድራሻ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ባለሙያዋ የድርጅቱ ተቀጣሪ አይደለችም። ስለዚህ የሥራው ባለቤት ማን እንደሆነ በግምት አንተውም፤ እዚሁ እንጽፈዋለን።

አንቀጽ 14፦ «ሥራው»

14.1 ሥራው ማለት የሦስቱን መድኃኒት ቤቶች ክምችትና ሽያጭ የሚቆጣጠረው ሲስተም ነው። ሶርስ ኮዱ፣ የዳታቤዙ አወቃቀር፣ የስክሪን ዲዛይኑ፣ የአጠቃቀም መመሪያውና ባለሙያዋ ለዚህ ሥራ የጻፈቻቸው ቴስቶች በሙሉ ይካተታሉ። መድኃኒት ጊዜው ሊያልፍ 90 ቀን ሲቀረው የሚያስጠነቅቀው ክፍልም የሥራው አካል ነው።

14.2 ወደ ሲስተሙ የሚገባው መረጃ፣ ማለትም የመድኃኒት ዝርዝሩ፣ ዋጋው፣ የሽያጭ መዝገቡና የደንበኞች መረጃ ከመጀመሪያውም የድርጅቱ ነው። ባለሙያዋ በዚህ ላይ ምንም መብት የላትም።

አንቀጽ 15፦ ከውሉ በፊት የነበረ ኮድ

15.1 ባለሙያዋ ከዚህ ውል በፊት ጽፋ በሌሎች ሥራዎቿም የምትጠቀምባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ኮድና ደረሰኝ የሚያትመው ኮድ። እነዚህ የእሷ ሆነው ይቀራሉ።

15.2 ድርጅቱ ሁለቱንም በሲስተሙ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ያለ ጊዜ ገደብ የመጠቀምና የመቀየር ፈቃድ አለው። ነጥሎ መሸጥ ግን አይችልም። ድርጅቱ መድኃኒት ቤቶቹን ከነሲስተሙ ለሌላ ቢሸጥ ፈቃዱ አብሮ ይሄዳል።

15.3 ባለሙያዋ ሌላ የቆየ ኮድ ልትጨምር ብትፈልግ አስቀድማ በኢሜይል ታሳውቃለች። ሳታሳውቅ ያስገባችው እንደ ሥራው አካል ይቆጠራል።

አንቀጽ 16፦ የኢኮኖሚ መብት ዝውውር

16.1 ጠቅላላ ክፍያው 420,000 ብር ነው፤ ውሉ ሲፈረም 126,000፣ የሙከራው ስሪት ሲቀርብ 168,000፣ በርክክብ 126,000 ብር ይከፈላል።

16.2 የመጨረሻው ክፍያ በባለሙያዋ የባንክ ሒሳብ ውስጥ በገባበት ቀን በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 7 ሥር ያሉት የኢኮኖሚ መብቶች በሙሉ ለድርጅቱ ይተላለፋሉ። ማባዛት፣ መተርጎም፣ መቀየር፣ ማከራየት፣ መሸጥ፣ ሌላ ባለሙያ አምጥቶ ማስቀጠል ሁሉ የድርጅቱ ይሆናል። ዝውውሩ በየትኛውም አገር ይሠራል፤ ሕጉ ለሥራው ጥበቃ በሚሰጥበት ዘመን ሁሉ ይጸናል። ሌላ ሰነድ መፈረም አያስፈልግም።

16.3 እስከዚያ ቀን ድረስ ድርጅቱ ሲስተሙን በሦስቱ መድኃኒት ቤቶች ብቻ መጠቀም ይችላል።

16.4 ክፍያ ቢዘገይ ባለሙያዋ በጽሑፍ ታስጠነቅቃለች። ማስጠንቀቂያው ከደረሰ 30 ቀን ካለፈ በ16.3 የተሰጠውን ፈቃድ ማንሳትና ገንዘቧን በሕግ መጠየቅ ትችላለች። ሲስተሙን ከሩቅ መቆለፍ ወይም ዳታ ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። ቦታው መድኃኒት ቤት ነው፤ የሁለት ወገን የገንዘብ ጉዳይ በሽተኛ ላይ አያርፍም።

16.5 ውሉ መሀል ላይ ቢቋረጥ ድርጅቱ የከፈለበት ደረጃ ኮድ መብት ይተላለፍለታል። ያልከፈለበት የባለሙያዋ ነው። የየደረጃው ወሰን በሪፖዚተሪው ላይ `v0.1`፣ `v0.5` እና `v1.0` ተብለው ምልክት የተደረገባቸው ስሪቶች ናቸው።

አንቀጽ 17፦ ኦፕን ሶርስ

ባለሙያዋ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ መጠቀም ትችላለች። ስማቸውንና ፈቃዳቸውን `LICENSES.txt` ላይ ትዘረዝራለች። እንደ ኤምአይቲና አፓቼ 2.0 ያሉት ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ይገባሉ። ጂፒኤል ያለበትን ግን ድርጅቱ በጽሑፍ ሳይስማማ አታስገባም፤ ድርጅቱ አንድ ቀን ሲስተሙን ለሌሎች መድኃኒት ቤቶች መሸጥ ቢያስብ ሶርስ ኮዱንም እንዲሰጥ ሊገደድ ይችላልና።

አንቀጽ 18፦ የሞራል መብት

ይህ አንቀጽ የረዘመው ሆን ተብሎ ነው። ብዙ ውሎች «ባለሙያው ማናቸውንም መብት ትቷል» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ጭቅጭቁ የሚመጣው በኋላ ነው።

18.1 በአዋጁ አንቀጽ 8 የተዘረዘሩት የሞራል መብቶች የሥራ አመንጪዋ ናቸው። ገንዘብ ስለተከፈለ ወደ ድርጅቱ አይዞሩም። የዚህ ውል የትኛውም ቃል እንደተሸጡ ተደርጎ አይተረጎምም። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት መብቶቹ በዚህ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ብቻ ነው።

18.2 *ስም።* በሲስተሙ «ስለ ሲስተሙ» ገጽ ላይ የባለሙያዋ ስም ከሥሪቱ ዓመት ጋር ይቀመጣል። መድኃኒት ሻጩ በየቀኑ በሚያየው የሽያጭ ስክሪንና በደረሰኝ ላይ ግን አይታይም። ሶርስ ኮዱ ውስጥ `AUTHORS` በሚባለው ፋይል የሰፈረውን ስሟን በ18.3 እና በ18.5 ካልሆነ በቀር ማንም አይሰርዝም። ከእሷ በኋላ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስማቸውን ከሥር ይጨምራሉ።

18.3 *ስም አለመግለጽ።* ባለሙያዋ ስሟ ከሲስተሙ እንዲወጣ ወይም በብዕር ስም እንዲተካ በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ትችላለች። ምክንያት አትጠየቅም። ድርጅቱ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጽማል።

18.4 *ለውጥ።* ሶፍትዌር እንደ ሥዕል ተሰቅሎ አይቀመጥም። ስለዚህ ባለሙያዋ ለሚከተሉት አስቀድማ ተስማምታለች፦ ስህተት ማረም፣ አዲስ ነገር መጨመር፣ ያለውን መቀነስ፣ ዲዛይኑን መቀየር፣ ወደ ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ማዛወር፣ ጊዜ ያለፈበትን ኮድ መጣል። ለእነዚህ እየደወሉ ማስፈቀድ አያስፈልግም።

18.5 ክብሯን ወይም ዝናዋን ለሚጎዳ ለውጥ ግን አልተስማማችም። ለምሳሌ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲሸጥ ተደርጎ ኮዱ ቢቀየርና ስሟ እዚያው ቢቀር ይህ መብት ተነካ ማለት ነው። ሽያጭን ከመዝገብ የሚደብቅ ነገር ቢጨመርም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ በጽሑፍ ትቃወማለች። ድርጅቱ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለውጡን ይመልሳል። ካልመለሰ ስሟን ከሲስተሙ ያወጣል፤ እሷም በሕግ የመጠየቅ መብቷ አይቀርባትም። ኮዱ አላማረም፣ ቀለሙ ተበላሸ የሚል ቅሬታ እዚህ አይገባም።

18.6 *ለአገልግሎት ማቅረብ።* ባለሙያዋ የርክክብ ሰነዱን ስትፈርም ሥራው ይፋ እንዲሆን ፈቅዳለች ማለት ነው። ከዚያ በፊት ያልተጠናቀቀ ስሪት ከሙከራ ውጪ አይውልም።

18.7 ድርጅቱ የኢኮኖሚ መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍ ይህን አንቀጽ በአዲሱ ውል ውስጥ ቃል በቃል ያስገባል።

አንቀጽ 19፦ የሥራ ማሳያ

ባለሙያዋ ሲስተሙን የሠራችው እሷ መሆኗን ለሌሎች ደንበኞች መናገርና የስክሪን ፎቶ ማሳየት ትችላለች። ፎቶው የሚነሳው በልምምድ ዳታ ነው እንጂ በእውነተኛ ሽያጭ አይደለም። ሶርስ ኮድ አታሳይም።

አንቀጽ 20፦ ረዳቶች

ባለሙያዋ ሌላ ሰው ብታሠራ ያ ሰው የኢኮኖሚ መብቱን ለእሷ በጽሑፍ ማስተላለፉን ታረጋግጣለች፤ ቅጂውንም ከርክክቡ በፊት ለድርጅቱ ትሰጣለች። የረዳቱ ስምም `AUTHORS` ላይ ይገባል። ሦስተኛ ወገን «ኮዱ የእኔ ነው» ብሎ ቢመጣና እውነት ሆኖ ቢገኝ ኃላፊነቱ የባለሙያዋ ነው።

አንቀጽ 21፦ አለመግባባት

በዚህ ክፍል ላይ አለመግባባት ከተነሳ ሁለቱ ወገኖች ቅሬታው በጽሑፍ በደረሰ በ15 ቀን ውስጥ ተገናኝተው ይነጋገራሉ። ካልተስማሙ ጉዳዩ አዲስ አበባ በሚገኝ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ይታያል። ውሉ ቢያልቅም አንቀጽ 15፣ 16 እና 18 ይቀጥላሉ።

ይህ ክፍል ከዋናው ውል ጋር በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ ሁለቱ ወገኖች አንብበውና ተስማምተው፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈርሟል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና ነው።