ለሦስተኛው ፎቅ፦ የኔትወርክ ኬብል ጫፍ እንዴት ይሠራል

ነገ የሚጠብቅህ ሥራ ይሄ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከኮርኒሱ የወረዱ 14 ካት-6 ኬብሎች አሉ። ስምንቱ ለዋይፋይ፣ ስድስቱ ለካሜራ ናቸው። በሬኩ በኩል ሁሉም ፓች ፓነል ላይ ታስረዋል፣ ቁጥርም አላቸው። የቀረው በኮርኒሱ በኩል አርጄ-45 ኮኔክተር መግጠም ነው። ከእነሱ ሌላ ወደ ጥበቃ ክፍሉ የሚሄድ አንድ ኬብል አለ፤ የእሱ ሁለቱም ጫፍ ያንተ ነው። የድሮው መመሪያ «ኬብሉ በደረጃው መሠረት ይታሰር» ብሎ ያልፋል። እኔ አጠገብህ ሆኜ እንደማሳይህ አድርጌ ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ሬኩ ጋ ሂድና የእነዚህን መስመሮች ፓች ኮርድ ከስዊቹ ንቀል። ስዊቹ በኬብሉ ውስጥ ኤሌክትሪክም ይልካል። ቴስተር ደግሞ ሥራ ላይ ባለ መስመር ላይ አይሰካም።

ከዚያ ኬብሉን ራሱን እይ። ጥቅልሉ ላይ ካት-6 ተብሎ መጻፉ ብቻ አያሳምንህ። የአንዱን ሽቦ ጫፍ ላጥና በምላጭ ቀስ አድርገህ ፋቅ። እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ ከሆነ ንጹህ መዳብ ነው። ሲፋቅ ነጭ ብረት ብቅ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና አቁመህ ደውልልኝ። አሉሚኒየም ቶሎ ይሰበራል፣ ለኤሌክትሪክም ከመዳብ የበለጠ እንቅፋት ይሆናል። እንደዚህ ያለ ኬብል ረጅም ከሆነ ካሜራው ቀን ቀን ደህና ይሠራል፤ ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ በርቶ ብዙ ኃይል ሲፈልግ ግን ይጠፋል። ሰው ካሜራውን ይለውጣል፣ ችግሩ ግን ኬብሉ ነው።

ኬብሉ ደህና ከሆነ የውጭውን ሽፋን ከጫፉ 3 ሴንቲሜትር ያህል ላጥ። ስትልጥ ስለቱን አታጥብቀው፤ ዙሪያውን ትንሽ ካስጫርከው በኋላ ጠምዘዝ ስታደርገው ራሱ ይለቃል። አሁን ቆም በልና ስምንቱን ሽቦዎች አንድ በአንድ እይ። የአንዱ ቆዳ እንኳ ተጭሮ ከሆነ ቁረጠውና እንደገና ጀምር። መሐል ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ታገኛለህ። እሱን ከሽፋኑ አፍ ጋ አስጠግተህ ቁረጥ፤ ከቀረ ኮኔክተሩ ውስጥ አያስገባህም።

አሁን ሽቦዎቹን ፍታና አሰልፍ። ፓነሉ የታሰረው በቲ568ቢ ስለሆነ አንተም በእሱ ነው የምትሄደው። ኮኔክተሩን መቆለፊያው ምላስ ወደ ታች፣ የኬብሉ መግቢያ ወደ አንተ እንዲሆን አድርገህ ያዘው። ከግራ ስትቆጥር፦

1. ነጭ ብርቱካናማ
2. ብርቱካናማ
3. ነጭ አረንጓዴ
4. ሰማያዊ
5. ነጭ ሰማያዊ
6. አረንጓዴ
7. ነጭ ቡናማ
8. ቡናማ

አረንጓዴዎቹ በ3 እና በ6 ተለያይተው፣ ሰማያዊዎቹ መሐላቸው መግባታቸውን ልብ በል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ቀለሙ ለውጥ የለውም» የሚል ሰው ያጋጥምሃል። እውነት አይደለም። እያንዳንዱ ጥንድ የተገመደው አንዱ ሽቦ ከሌላው የሚመጣውን ረብሻ እንዲያጠፋ ነው። መሣሪያው 3 እና 6ን እንደ አንድ ጥንድ ነው የሚጠቀምባቸው። ቀለሞቹን ዝም ብለህ ጥንድ በጥንድ ጎን ለጎን ከደረደርካቸው 3 እና 6 ላይ የሚገቡት ከሁለት የተለያዩ ግምዶች የመጡ ሽቦዎች ይሆናሉ። በሁለቱም ጫፍ እንዲህ ከተሠራ የኛ ቴስተር ከ1 እስከ 8 ቆንጆ አድርጎ ያበራልሃል፤ እሱ የሚያየው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። ኔትወርኩ ግን ይንቀራፈፋል፣ ይቆራረጣል። ስለዚህ የጥበቃ ክፍሉን ኬብል ስትሠራ መብራቱን ብቻ አትመን፤ በሁለቱም ጫፍ ቀለሙን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ።

ካሰለፍክ በኋላ ሽቦዎቹን በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ጨምቀህ ያዝና ወዲያ ወዲህ እያልክ አቅናቸው። ከሽፋኑ አፍ 13 ሚሊሜትር ያህል ብቻ እስኪቀር ድረስ በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ። ከዚያ በላይ አይፈታ፤ ግምዱ በተፈታ ቁጥር መከላከያው ይቀንሳል። ጣትህን ሳትለቅ ወደ ኮኔክተሩ አስገባና እስከ መጨረሻው ግፋ።

ከመጭመቅህ በፊት ሁለት ነገር እይ። ኮኔክተሩን ከፊት ለፊቱ ስታየው የስምንቱም መዳብ ጫፍ መታየት አለበት። ከኋላ ደግሞ የውጭው ሽፋን ራሱ ኮኔክተሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ክሪምፐሩ ነክሶ የሚይዘው እሱን ነው። ሽፋኑ ውጭ ከቀረ ኬብሉ ሲጎተት ክብደቱ በቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ላይ ያርፋል። ቀለሙንም ለመጨረሻ ጊዜ ቁጠር። ከተጨመቀ በኋላ ማስተካከል የለም፣ ቆርጦ መጣል ብቻ ነው።

ክሪምፐሩን ራሱ እስኪለቅ ድረስ እስከ ታች ጨምቀው። ከዚያ ያዝ አድርገህ ጎተት አድርገው፤ ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ለቴስቱ ዋናውን ክፍል ሬኩ ጋ በፓች ኮርድ ፓነሉ ላይ ሰካው፣ ትንሹን ይዘህ ወጥተህ ኮርኒሱ ጋ ሰካ። መብራቶቹ በተራ ከ1 እስከ 8 መሄድ አለባቸው። አንዱ ካልበራ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ጥርሱ ድረስ አልደረሰም ማለት ነው፤ አንዴ ደግመህ ጨምቀህ ሞክር፣ እምቢ ካለ ቁረጠው። ተራው ከዘለለ ሽቦዎች ተቀያይረዋልና ሳትደክም በቀጥታ ቁረጥ።

ቴስተሩን ካሳለፈ ፓች ኮርዱን ወደ ስዊቹ መልስና ላፕቶፕህን በአዲሱ ጫፍ ሰካ። ዋይፋይህን አጥፋ፣ ከዚያ ፓወርሼል ላይ፦

```
Get-NetAdapter | Format-Table Name, Status, LinkSpeed
ping -n 100 192.168.10.1
```

`LinkSpeed` ሥር `1 Gbps` ማየት አለብህ። `100 Mbps` ካሳየህ «ይሠራል» ብለህ አትለፈው። ለ100 ሜጋቢት 1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ይበቃሉ፤ ለጊጋቢት ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው 4፣ 5፣ 7 እና 8ን ነው። በፒንጉ መጨረሻ ላይ ደግሞ `Lost = 0` ማለት አለበት።

ትርፉን ኬብል ኮርኒሱ ውስጥ ስትመልስ ሰፋ አድርገህ ጠቅልለው፣ አትጠፈው። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ጎን ለጎን አይሂድ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በቀጥታ ማዕዘን ይሻገር። በማሰሪያ ስታስረው ሽፋኑ እስኪጨፈለቅ አታጥብቀው።

የፓነሉን ቁጥር ከኮኔክተሩ ትንሽ ከፍ ብለህ ኬብሉ ላይ ለጥፍ። ያላለፈ ካለ ቁጥሩንና ቴስተሩ ያሳየህን ጻፍልኝና ወደሚቀጥለው እለፍ። ኮኔክተር 30 አስቀምጬልሃለሁ፣ ሬኩ ሥር ባለው ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያው ያለውን የካት-5 ኮኔክተር እንዳታነሳ፤ የካት-6 ሽቦ ወፍራም ስለሆነ በደንብ አይገባለትም።