የቁስል እንክብካቤ፦ ለልምምድ 8 ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

ሰላም ጓዶች! ከማክሰኞው ሌክቸር ያወጣኋቸው ናቸው። የአርቡ ፈተና ሳይደርስ አንዴ ሞክሯቸው። መልሱ ከታች አለ፤ ቀድማችሁ እንዳታዩ።

የተሳሳቱትን ምርጫዎች እንዲሁ አልፈጠርኳቸውም። ግማሾቹ እኛው ራሳችን ስኪል ላብ ውስጥ ስንሠራቸው የነበሩ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ለሌላ ታካሚ ትክክል የሆኑ፣ ለዚህኛው ግን የማይሆኑ ናቸው። ስለዚህ የምታውቁት ቃል ስላያችሁ ብቻ አትክበቡ። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ የለም፤ እንዳትፈልጉት።

ጥያቄዎች

1. የ72 ዓመት አዛውንት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ 6 ቀን ተኝተዋል። ቀይ ናቸው። ከወገባቸው በታች አጥንቱ ጎላ ያለበት ቦታ ቀልቷል፤ ቆዳው ግን አልተላጠም። በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ቅላቱ አይጠፋም። ይህ ምንድን ነው?

ሀ. ቆዳው ስላልተከፈተ ገና የግፊት ቁስል አይባልም
ለ. ደረጃ 1 የግፊት ቁስል
ሐ. ደረጃ 2 የግፊት ቁስል
መ. ደረጃው ሊለይ የማይችል የግፊት ቁስል

2. ለእኚሁ አባት መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

ሀ. ደም እንዲዘዋወር የቀላውን ቦታ በቅባት ማሸት
ለ. መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ከሥር ማድረግ
ሐ. ቦታውን በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ
መ. በጎን አስተኝቶ ከቦታው ላይ ክብደቱን ማንሳትና የማገላበጫ ሰዓት ማውጣት

3. ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ወጣት 2ኛ ቀኗ ነው። ስፌቱ ንጹሕና የገጠመ ነው። እንዴት ይጸዳል?

ሀ. ከዙሪያው ቆዳ ጀምሮ ወደ ስፌቱ
ለ. ከስፌቱ ጀምሮ ወደ ውጭ፣ በአንድ ጎዝ ወዲያና ወዲህ
ሐ. ከስፌቱ ጀምሮ ወደ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጋ አዲስ ጎዝ
መ. ከስፌቱ ታችኛ ጫፍ ወደ ላይ፣ ከዚያ ዙሪያውን

4. ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ5ኛው ቀን በኃይል ሳለ። «ሲስተር፣ የሆነ ነገር ተፈታብኝ» አለ። ስትገልጡት ስፌቱ ተከፍቶ አንጀት ወጥቷል። መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

ሀ. ስቴራይል ጓንት አጥልቆ አንጀቱን ቀስ ብሎ መመለስ
ለ. በደረቅ ስቴራይል ጎዝ ሸፍኖ በፋሻ አጥብቆ ማሰር
ሐ. ሐኪም ለመጥራት በፍጥነት ከክፍሉ መውጣት
መ. በኖርማል ሳላይን የራሰ ስቴራይል ጎዝ ማልበስና ሰው ጠርቶ ሐኪም ማስመጣት

5. ቁስሉ ሸቷል፣ መግልም ይዟል። ለካልቸር ናሙና በስዋብ ውሰዱ ተባላችሁ። ከየት ትወስዳላችሁ?

ሀ. መግሉ ብዙ ጀርም ስላለው ከመግሉ
ለ. በኖርማል ሳላይን ካጠባችሁ በኋላ ከቁስሉ ሕያው ሥጋ
ሐ. በፖቪዶን አዮዲን ካጸዳችሁ በኋላ ከቁስሉ መሃል
መ. ከቁስሉ ጠርዝ ላይ ካለው ቅርፊት

6. የአንዲት ታካሚ የእግር ቁስል ቀይ፣ እርጥብና ቅንጣት ቅንጣት ያለው አዲስ ሥጋ አብቅሏል። መግል የለውም፤ ሲነካ ትንሽ ይደማል። የትኛው ይሻላል?

ሀ. እርጥበቱን የሚጠብቅ ድሬሲንግ
ለ. አየር እንዲያገኝና እንዲደርቅ ክፍት መተው
ሐ. በየቀኑ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማጠብ
መ. እርጥብ ጎዝ አድርጎ ሲደርቅ መንጨት

7. የ3 ዓመት ልጅ የፈላ ሻይ እጁ ላይ ፈስሶበት ከ15 ደቂቃ በኋላ ደረሰ። እናቱ ቅቤ ቀብታዋለች። ውሃ የቋጠረ ቦታ አለ። መጀመሪያ?

ሀ. ቶሎ እንዲበርድ በረዶ መያዝ
ለ. የቋጠረውን አፍርጦ መሸፈን
ሐ. ቀዝቀዝ ባለ የሚወርድ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ መያዝ
መ. 15 ደቂቃ ስላለፈ ውሃውን ትቶ ወዲያው መሸፈን

8. አልጋ ላይ የዋሉ እናት ተረከዛቸው ላይ ጥቁር፣ ደረቅና የተጣበቀ ቅርፊት አለ። ዙሪያው አልቀላም፣ አላበጠም፣ ፈሳሽም የለውም። ምን ታደርጋላችሁ?

ሀ. ቅርፊቱን ሳይነኩ ተረከዙን ከአልጋው ከፍ አድርጎ በየቀኑ ማየት
ለ. ሥሩ እንዲታይ በስካልፔል እንዲነሳ ማዘጋጀት
ሐ. በእርጥብ ጎዝ አለስልሶ ማላቀቅ
መ. ደረጃ 4 ብሎ መመዝገብና ማሸግ

መልሶች

1. ለ. ቆዳው ሳይከፈት፣ ተጭነን ስንለቀው የማይጠፋ ቅላት ደረጃ 1 ነው። ደረጃ 2 እንዲሆን የላይኛው ቆዳ ተልጦ ወይም ውሃ ቋጥሮ መገኘት አለበት። «መ» የሚሆነው ሥሩ በሞተ ሥጋ ተሸፍኖ ጥልቀቱ ሳይታይ ሲቀር ነው። ጥያቄው ላይ «ቀይ ናቸው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ቅላት ላይታይ ይችላል። ዋርድ ላይ ከምናያቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ ደግሞ እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ እጃችሁን ተጠቀሙ። ቦታው ከዙሪያው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠንክሯል ወይስ ለስልሷል? ያማቸዋል? ቀለሙስ ከዙሪያው ተለይቷል? ፈተናው ይህን ባይጠይቅ እንኳ ታካሚው ይጠይቃችኋል።

2. መ. «ሀ»ን የመረጠ ብዙ ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ቤት ውስጥ ሁላችንም የምናደርገው ነዋ። ግን ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ተጎድቷል፤ ማሸት ይብስበታል። ክቡ ትራስም ደግ ይመስላል እንጂ ዙሪያውን ስለሚጫን ደሙን ያግዳል። አልኮል ቆዳውን ያደርቀዋል። ማገላበጡ በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ነው፤ ለአንዳንዱ ግን ከዚያም ያጥራል።

3. ሐ. ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ። የገጠመ ስፌት ከዙሪያው ቆዳ የበለጠ ንጹሕ ነው። «ለ» አቅጣጫው ልክ ስለሆነ ያታልላል፤ ስህተቱ ጎዙ ላይ ነው።

4. መ. ይህን የሳተ ሰው ሌላውን ትቶ እዚህ ይቀመጥ። አንጀቱ ከደረቀ ይሞታል፤ ለዚህ ነው ጎዙ የሚርሰው። «ለ» ስቴራይል የሚለውን ቃል ይዞ ነው የሚያሞኛችሁ፤ ደረቁ ጎዝ ይጣበቃል፣ ማጥበቁ ደግሞ ደም ያግዳል። መመለስ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ኦፕሬሽን ክፍል ነው የሚሠራው። «ሐ» ላይ ሐኪም መጥራቱ ልክ ነው፤ ታካሚውን ብቻውን መተው ግን አይሆንም። እዚያው ቆማችሁ ሰው ጥሩ። ራሱን በትንሹ ቀና፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጉለት፤ የሆዱ ውጥረት ይቀንሳል። በአፉ ምንም አይሰጠው። የደም ግፊትና የልብ ምቱን ተከታተሉ፤ ሾክ ሊመጣ ይችላል።

5. ለ. መግሉ ላይ ያለው ጀርም ቁስሉን ያመመው ላይሆን ይችላል። አዮዲን ከተቀባ ደግሞ ጀርሙ ሞቶ ውጤቱ ባዶ ይመጣል። አንቲባዮቲክ ገና ካልተጀመረ ናሙናው ይቅደም።

6. ሀ. «ቁስል አየር ይፈልጋል» ያላለ አያት የለም። ጆርጅ ዊንተር ግን በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ላይ ሞክሮ፣ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ክፍት ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። ፐርኦክሳይድ አዲሱንም ሥጋ ይጎዳል። «መ» የሞተ ሥጋ ለማንሳት የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ እዚህ ግን የሞተ ነገር የለም፤ የምትነጩት የበቀለውን ነው።

7. ሐ. ቃጠሎው ከደረሰ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፤ ስለዚህ «መ» በችኮላ የተሳሳተ ነው። በረዶ ቆዳውን ይበልጥ ይጎዳዋል። ልጁ እንዳይበርደው የቀረውን አካሉን ሸፍኑት። ቅቤውን ስታነሱ እናትየዋን አትቆጡ። «ጥሩ አድርገሽ ቶሎ አምጥተሽዋል፤ ሌላ ጊዜ ግን መጀመሪያ ውሃ ነው» በሏት።

8. ሀ. ተረከዝ ላይ ያለ ደረቅና የተረጋጋ ቅርፊት እንደ ተፈጥሮ መሸፈኛ ነው። ካነሳችሁት ደም በደንብ በማይደርስበት ቦታ አዲስ በር ትከፍታላችሁ። ቢቀላ፣ ቢለሰልስ ወይም ፈሳሽ ቢያወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ለሐኪም ንገሩ። ሥሩ ስለማይታይ «ደረጃ 4» ማለት አይቻልም፤ «ደረጃው ያልተለየ» ብላችሁ መዝግቡ።