እምነት የሚጣልበት የቧንቧ ሠራተኛ እንድትጠቁሙኝ ስለመጠየቅ

ለተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፦

በሦስተኛ ፎቅ በሚገኘው መኖሪያ ቤታችን ውስጥ፣ ከየት እንደሚነሣ በውል ያልታወቀ የውኃ ስርገት ስላጋጠመን፣ ችግሩ ያለበትን ቦታ አስቀድሞ ለይቶ ከዚያ በኋላ ወደ ጥገና የሚገባ፣ እምነት የሚጣልበት የቧንቧ ሠራተኛ የምታውቁ እንድትጠቁሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምትሰጡኝ ጥቆማ ከጉዳዩ ጋር የሚገጥም እንዲሆን ሁኔታውን ዘርዘር አድርጌ ስለምገልጽ፣ ጽሑፉ ረዘም ቢልባችሁ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ችግሩ መጀመሪያ የታየው በእኛ ቤት ሳይሆን ከእኛ በታች ባለው ቤት ነው። እዚያ የሚኖሩት እናት በመኝታ ክፍላቸው ኮርኒስ ማዕዘን ላይ እርጥበት ማየታቸውን ነገሩኝና ወርጄ ተመለከትሁ። መካከሉ ቢጫ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ እድፍ ከግድግዳው ጀምሮ ወደ መብራቱ አቅጣጫ እየሰፋ ነበር፤ ቀለሙም ተነፋፍቶ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ጎረቤቴም አልጋቸውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ለማስጠጋት ተገድደዋል። እስካሁን አንድም የቅሬታ ቃል አልሰነዘሩብኝም፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የእሳቸው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ውኃው የእኛ ሆኖ ሳለ እርጥበቱንና ሽታውን ችለው የሚያድሩት እሳቸው ናቸው።

በእኛ ቤት የሚታየው ምልክት ከዚህ ያነሰ ነው። የመታጠቢያ ክፍሉ ከኮሪደሩ በሚዋሰንበት ግድግዳ ላይ፣ ከዞኮሎው በላይ አንድ ክንድ ያህል ቁመት ያለው የቀለም እብጠት አለ፤ በላዩም እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ይወጣል። በግድግዳው ማዶ፣ በመታጠቢያው በኩል፣ ከሻወሩ መክፈቻ በታች ያሉት ሁለት ሴራሚኮች በጣት ሲቆረቆሩ ከሌሎቹ የተለየ ባዶ ድምፅ ይሰጣሉ።

ሠራተኛው ሲመጣ ከዜሮ እንዳይጀምር፣ አንድ ተራ ሰው ያለ ልዩ መሣሪያ ሊያደርግ የሚችለውን ምርመራ አድርጌአለሁ። ሌሊት የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ከዘጋሁና የሽንት ቤቱን ውኃ መቀበያም ከቆለፍሁ በኋላ ቆጣሪውን ስመለከት፣ በላዩ ያለችው ትንሿ ጠቋሚ ጎማ በዝግታ ስትዞር አገኘኋት፤ ማንም ውኃ ሳይጠቀም ቆጣሪው መዞሩ የሚያፈሰው ግፊት ያለበት መስመር መሆኑን ያመለክታል። ችግሩ በፍሳሽ ማስወገጃው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆጣሪው በቆመ፣ እድፉም ሻወር በተጠቀምን ቁጥር እየጨመረ በሄደ ነበር። ቀጥዬ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውኃ መዝጊያ ስዘጋ ጠቋሚዋ ቆመች። መዝጊያው ሲዘጋ ቦይለሩም ከእሱ የሚነሣው የሙቅ ውኃ መስመርም አብረው ስለሚቋረጡ፣ ጥርጣሬዬ ወደ ሙቁ መስመር አዘንብሏል፤ የቦይለሩ አካልና የግፊት ማስተንፈሻው ደረቅ መሆናቸውንም በወረቀት እየጠረግሁ አረጋግጫለሁ። የሽንት ቤቱን የውኃ ማጠራቀሚያ ለመፈተሽ ደግሞ ቀለም ጨምሬበት ግማሽ ሰዓት ያህል ሳላፈስስ ጠብቄአለሁ፤ ቀለሙ ወደ መቀመጫው አልወረደም። ይህ ሁሉ የባለሙያን ፍተሻ የሚተካ አይደለም፤ የሚመጣው ሰው የራሱን ምርመራ አድርጎ የእኔን ግምት ቢያፈርሰው በደስታ እቀበላለሁ።

ስለ ቧንቧው ዓይነት መናገር ያስፈልጋል፤ የሚመረጠውን ሠራተኛ የሚወስነው በአብዛኛው ይህ ነውና። ሕንፃው ሲሠራ የተዘረጋው መስመር በዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ ሲሆን፣ ከእኛ በፊት የኖሩት ባለቤቶች የተወሰነውን ክፍል በፒፒአር ፕላስቲክ ቧንቧ ለውጠውታል። ሁለቱ የሚገናኙት በግድግዳው ውስጥ የት ላይ እንደሆነ የሚያሳይ ሥዕል የለንም። የብረት ቧንቧ ከውስጥ ወደ ውጭ እየዛገ ስለሚሄድ፣ በመፍቻ ሲያዝ ጥርሱ ሊሰበርና ጉዳቱ ወደ ጤናማው ክፍል ሊሻገር ይችላል፤ ስለዚህ የት ላይ ቆርጦ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ እጅ ይጠይቃል። ፒፒአር ደግሞ ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ማሽን ቀልጦ የሚገጣጠም ነው፤ ከሚገባው በላይ ከቀለጠ ውስጡ ይጠብባል፣ ካነሰ ደግሞ መጋጠሚያው ለጊዜው የያዘ መስሎ በኋላ ይለቃል። በዚያ ላይ ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት ይልቅ ብዙ ስለሚለጠጥ፣ በሙቅ ውኃ መስመር ላይ የሁለቱ መገናኛ ዘወትር ይፈተናል። በመሆኑም ሁለቱንም ዓይነት ቧንቧ በእጁ የሠራ ሰው እፈልጋለሁ፤ አዲስ ሕንፃ ላይ በፕላስቲክ ብቻ የሠራ ሰው ጎበዝ ቢሆንም እንኳ ለዚህ ሥራ በቂ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ ቀደም አንድ ሠራተኛ መጥቶ ነበር። በግምት የመረጠውን ቦታ ሰብሮ፣ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉትን መታጠፊያ ለወጠና በዚያው ቀን በሲሚንቶ ደፍኖት ሄደ። እድፉ ለጥቂት ጊዜ የደረቀ መሰለ፤ ከዚያም ተመለሰ። ሰውየውን ለመክሰስ ብዬ ስላልሆነ ማንነቱን አላነሣም፤ የምነግራችሁ ግን ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት መስመሩ በግፊት አለመፈተኑ ያስከተለብንን ዳግመኛ ወጪና የጎረቤቴን እንግልት እንድትረዱልኝ ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ሰው ከመስበሩ በፊት መስመሮቹን አንድ በአንድ ዘግቶ የሚለይ፣ የእጅ ፓምፕና የግፊት መለኪያ ያለው ወይም ማምጣት የሚችል ሊሆን ይገባል። ጥገናው ሲያልቅ መስመሩን በግፊት ሞልቶ መለኪያው አለመውረዱን እንዲያሳየኝ፣ ግድግዳውንም ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ክፍት እንዲተወው እጠይቀዋለሁ፤ ይህን ስጠይቀው እንደ አለማመን ቆጥሮ የሚቀየም ሰው ከሆነ፣ ሙያው ምንም ያህል ቢመሰገን ከእኛ ጋር አይስማማም። የእጁን ዋጋና የዕቃውን ዋጋ ለየብቻ ጽፎ እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ። አውጥቶ የሚለውጠውን ዕቃም ለእኔ ቢተውልኝ ደስ ይለኛል፤ የተበላሸው ክፍል በዓይን ሲታይ የቀረው መስመር ምን ያህል እንደሚቆይ መገመት ይቻላልና። ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እናቴ ብቻቸውን በመሆናቸው፣ በቀጠሮው ሰዓት የሚገኝ፣ ካልቻለም አስቀድሞ ደውሎ የሚያሳውቅ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

እናንተም ስትጠቁሙኝ ስም ብቻ ባትሰጡኝ እመርጣለሁ። ሠራተኛው ለእናንተ ምን ሠራላችሁ? ከተሠራ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? እስከ ዛሬስ ይዟል? በተለይ የተደበቀ ስርገት ፈልጎ አግኝቶላችሁ ከሆነ፣ በምን መንገድ እንዳገኘው ብትጽፉልኝ ይጠቅመኛል፤ ቧንቧ ጫፍ መለወጥና በግድግዳ ውስጥ ያለን ቀዳዳ ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና። የተስማማችሁበት ዋጋ በመጨረሻ ከከፈላችሁት ጋር አንድ ነበር ወይስ መሐል ላይ ጨመረ? ሥራውን ራሱ ሠራው ወይስ ረዳቱን ላከ? ችግር ሲመለስ ስትደውሉለት መጥቷል? የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ተሳስቶ ተመልሶ የሚያርም ሰው ፈጽሞ አልሳሳትም ከሚል ይሻለኛልና። የምትጠቁሙት ሰው ዘመዳችሁ ወይም ወዳጃችሁ ከሆነ ምንም ነውር የለበትም፣ ይህንኑ ግን ግለጹልኝ። መጥፎ ገጠመኝ ያላችሁ ደግሞ በሁሉ ፊት ሳይሆን በግል ብትልኩልኝ እመርጣለሁ፤ ያ ሰው መልስ መስጠት በማይችልበት ቦታ መተዳደሪያው እንዲነካ አልፈልግም።

ለሚመጣው ሰው የሚያስፈልገውን ደግሞ ላስረዳ። የቤታችን የራሱ ዋና መዝጊያ ከወጥ ቤቱ ገንዳ በታች ይገኛል፤ በደንብ ይዘጋል፣ ስለዚህ የሕንፃውን ውኃ በሙሉ ማቋረጥ አያስፈልግም። የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ እኔ ራሴ አጠፋለሁ። ለመተኪያ የሚሆኑ ተመሳሳይ ሴራሚኮች ጥቂት ቀርተውናል፤ ብዙ ከተሰበረ ግን የሚመሳሰል ስለማይገኝ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ በሥራ ቀናት ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ቤት አለሁ፤ ምርመራው በአንድ ቀን፣ ጥገናው በሌላ ቀን ቢሆን አልቃወምም፤ ለምርመራው ብቻም ቢሆን ተገቢውን እከፍላለሁ።

ጉዳዩ አስቸኳይ ቢሆንም የድንገተኛ አደጋ ዓይነት አይደለም። በአሁኑ ጊዜ የቦይለሩን መዝጊያ ጠዋትና ማታ ለአጭር ጊዜ ብቻ እየከፈትን የቀረውን ጊዜ ዘግተን ስለምናቆየው፣ ከታች ያለው እድፍ መስፋቱን አቁሟል። ስለዚህ ዛሬውኑ ከሚደርስ ማንኛውም ሰው ይልቅ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣ ትክክለኛ ሰው ይሻለኛል፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ማብቂያ በላይ ግን ጎረቤቴን ማስጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

የሠራተኛውን ስልክ ቁጥር ከመላካችሁ በፊት እሱን አስፈቅዳችሁ፣ ለእኔ በግል መልእክት እንድታደርሱልኝ እለምናለሁ። ከሠራተኛ ጥቆማ ሌላ፣ በዚሁ ሕንፃ በእኛ በኩል ባለው ደረጃ የምትኖሩና የመታጠቢያ ክፍላችሁን ግድግዳ ከፍታችሁ ያስጠገናችሁ ካላችሁ፣ የቤቶቹ አሠራር ተመሳሳይ ስለሆነ የሙቅ ውኃው መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ብትነግሩኝ፣ በሥራው ጊዜ የተነሣ ፎቶግራፍ ካላችሁም ብታሳዩኝ፣ የሚሰበረውን ሴራሚክ ቁጥር ሊቀንስልን ይችላል። ስርገቱ የተገኘበትን ቦታና ምክንያቱን፣ ሥራው ካለቀና ቆጣሪው መቆሙን ካረጋገጥሁ በኋላ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ጎረቤታችሁ