የቆየ የሆድ ድርቀት፦ ተቀምጠው ለሚሠሩ አዋቂዎች አሰርና ፈሳሽ በዝግታ የመጨመሪያ መመሪያ

ይህ መመሪያ በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ቢሮ ውስጥ፣ ስፌት መኪና ላይ ወይም መሪ ይዘው ለሚውሉ ነው፤ በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ለሚጸዳዱ ወይም ሰገራቸው ደርቆ ለሚያምጡና ይህም ወራት ላስቆጠረባቸው።

ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ሳይፈልጉ ከከሱ፣ ደም ማነስ ካለብዎ፣ ዕድሜዎ ከ50 በላይ ሆኖ ድርቀቱ በቅርቡ ከጀመረዎ ወይም በቤተሰብዎ የአንጀት ካንሰር ከነበረ፣ ምንም ሳይጀምሩ ይመርመሩ። ሆድ ተነፍቶ ፈስ እንኳ አልወጣ ብሎ ካስመለሰዎ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ለቀናት ሳይወጣ ቆይቶ ቀጭን ፈሳሽ የሚያመልጥዎ ከሆነ ደግሞ ተቅማጥ አይምሰልዎ፤ ደረቅ ሰገራ መውጫውን ዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ አሰር መጨመር ያብሰዋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኞች የውሃውን መጠን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ግቡ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር (ፋይበር) ነው፤ አካሄዱም በሳምንት 5 ግራም ገደማ መጨመር። የአንጀት ባክቴሪያዎች አሰሩን ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። በአንድ ቀን ተልባውን፣ ንፍሮውን፣ ጎመኑን የደራረበ ሰው ሆዱ ይነፋና «አልተስማማኝም» ብሎ ሁሉንም ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የምግቡ ሳይሆን የፍጥነቱ ነው።

1ኛ ሳምንት፦ ውሃና ተልባ። ብርድ ጥምን ስለሚያስረሳ በደጋ ሰው ሳይጠጣ ይውላል። ከሚጠጡት ላይ በየ3 ቀኑ አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) እየጨመሩ በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ይድረሱ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሻይና ሾርባም ይቆጠራሉ። ተልባውን ቆልተው ይውቀጡት፤ በ1 የሻይ ማንኪያ ይጀምሩ፣ ከ4 ቀን በኋላ 1 የሾርባ ማንኪያ ያድርጉት። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ሳያጠሉት ይጠጡ፤ ብዙዎች ገለባውን አጥልለው ሲጥሉ ከአሰሩ አብዛኛውን አብረው ይጥላሉ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በመካከሉ 2 ሰዓት ይለዩ።

2ኛ ሳምንት፦ ቁርስ። ነጩን ዳቦ ባልተነፋ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ዳቦ ይተኩ። በሶም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ደረቅ ጭብጦ በልቶ ውሃ ሳይጠጡ ወደ ሥራ መሮጥ ለድርቀት አይበጅም። በጥብጠው ይጠጡት።

3ኛ ሳምንት፦ ምሳ። ግማሽ ስኒ የድፍን ምስር ወጥ ወይም የባቄላ ንፍሮ ከነልጣጩ። ባቄላ የሚያስቸግርዎ ከሆነ አሳድረው ዘፍዝፈው ውሃውን ደፍተው ይቀቅሉ።

4ኛ ሳምንት፦ አትክልትና ፍራፍሬ። ግማሽ ስኒ የበሰለ ጎመን፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች፣ ብርቱካን (ጭማቂው ሳይሆን ራሱ)፣ ፓፓያ ወይም የደጋው ፖም። በቀን ሁለቱ ይበቃሉ።

ሆድዎ ከተነፋ ወደ ዜሮ አይመለሱ፤ የዚያን ሳምንት ጭማሪ በግማሽ ቀንሰው ሌላ ሳምንት ይቆዩበት። አሰሩን ጨምሮ ውሃውን መርሳት ደግሞ ሰገራውን ያጠጥረዋል፤ በአንጻሩ አሰር በሌለበት ውሃ ብቻውን ብዙም ለውጥ አያመጣም።

በጾም ወራት ተልባውን ከሚገድፉበት ምግብ ጋር ያድርጉት፤ ውሃውን ከዚያ እስከ መኝታ ያከፋፍሉት እንጂ በአንድ ጊዜ አይጋቱት። ከሽሮና ከምስር በአንድ ቀን ወደ ዶሮና ቅቤ የሚዞርበት የፋሲካ ሳምንት ድርቀት የሚያገረሽበት ነው፤ ጎመኑ ከማዕድ አይጥፋ።

አንጀት ከቁርስ በኋላ በራሱ ይነቃቃል። ስለዚህ ከበሉ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ባይመጣም እንኳ፣ መጸዳጃ ቤት ይግቡ፤ ከ10 ደቂቃ አይለፉ፣ አያምጡ፣ ስልክ ይዘው አይግቡ። የሸክላ መቀመጫ የሚጠቀሙ ከሆነ እግርዎ ሥር 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዱካ ያስቀምጡ፤ ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ይህ አያስፈልገውም። «ይህችን ስፌት ልጨርስ»፣ «ደብረ ሲና ስደርስ» እያሉ ማሳደር ደግሞ ልማድ ሲሆን ስሜቱን ያደክመዋል። በየሰዓቱ ተነሥተው 5 ደቂቃ ይንቀሳቀሱ፤ ከሥራ መልስ 30 ደቂቃ በእግር ይሂዱ።

የደም ማነስ የብረት እንክብል፣ ትራማዶልና ኮዴን፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ያደርቃሉ። በራስዎ አያቋርጡ፤ ይዘዋቸው ይምጡና ይታዩ። «አንዴ ጠራርጎ ያውጣልኝ» ተብሎ የሚጠጣ ኮሶ የትል መድኃኒት እንጂ የድርቀት መላ አይደለም፤ ከባድ ማስቀመጥና ማስመለስ አስከትሎ ያለዎትን ፈሳሽ ያሟጥጣል።

በየቀኑ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ ወጣ ወይስ አልወጣም፣ ደረቅ ወይስ ለስላሳ፣ ስንት ብርጭቆ ጠጡ። ሙሉው መጠን ላይ ደርሰው ሌላ 2 ሳምንት ቆይተው ካልተሻለዎ፣ ወይም አሰሩ በጨመረ ቁጥር ከባሰብዎ፣ ጭማሪውን አቁመው መዝገቡን ይዘው ይምጡ። የአንዳንድ ሰው አንጀት በጣም ይዘገያል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ሲያምጥ መላላት የሚገባው የፊንጢጣ ጡንቻ ይጠብቃል። እነዚህን ምግብ ብቻውን አያስተካክላቸውም፤ እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ ወይም የጡንቻ ልምምድ ሊታዘዝላቸው ይችላል።