የመዝገብ ግምገማ፦ የፖሊስ ሪፖርቱና የማስረጃ ዝርዝሩ የማይገጥሙባቸው ቦታዎች

ለ፦ ዋና ጠበቃ
ቀን፦ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ መገናኛ አካባቢ ተፈጽሟል የተባለው የስልክ ውንብድና (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 670)

ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የታክሲ ረዳቱን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የምርመራ ሪፖርቱን፣ የምስክሮችን ቃል፣ የመያዣና የብርበራ ቅጾቹን፣ የኤግዚቢት ደረሰኙንና ከክሱ ጋር የመጣውን የማስረጃ ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጌ አነጻጸርኳቸው። እያንዳንዱ ሰነድ ለብቻው ሲነበብ ደህና ይመስላል። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ተከሳሹ መቼና እንዴት እንደተያዘ እንኳ አይስማሙም። ግንቦት 12 የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ስለሚሰሙ ዛሬውኑ እንዲያዩት ብዬ ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። ሪፖርቱም ክሱም ድርጊቱ የተፈጸመው መጋቢት 3 ቀን ከምሽቱ 3፡15 ነው ይላሉ። የግል ተበዳይ በማግስቱ በሰጡት ቃል «ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ» ብለዋል። የሕክምና ማስረጃው ከኮምፒውተር የወጣ ነው። ከንፈራቸው ሁለት ቦታ እንደተሰፋ ይገልጽና የመጡበትን ሰዓት 12/03/2025፣ 20:10 ይለዋል። ይህ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 3 ከምሽቱ 2፡10 ማለት ነው። በክሱ ከሄድን ሰውየው የታከሙት ከመመታታቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድመው ነው። መርማሪው ወረቀቱን ሲያያይዝ የፈረንጅ ሰዓቱን ወደ እኛ አልመለሰውም መሰለኝ፤ ሪፖርቱ ውስጥ የሕክምናው ሰዓት ጭራሽ አልተነሳም።

«2 ሰዓት ተኩል ገደማ» የሚለውን ብቻ ብንይዝ ዐቃቤ ሕግ በቀላሉ ያልፈዋል። የደነገጠ ሰው ሰዓት ቢያዛባ አይገርምም። 3፡15 ግን ከየት መጣ? ከምስክሮቹ አንድም ይህን ሰዓት የጠራ የለም። ሆስፒታሉ የካርድ ክፍል መዝገቡን እንዲልክ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብናስጠይቅ፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛብቶ ነው የሚለውን መልስ ቀድመን እንዘጋዋለን።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የብርበራው ነገር ነው። ሪፖርቱ «በደረሰን ጥቆማ መሠረት ተጠርጣሪውን ይዘን፣ እየመራ ቤቱ ወስዶን ስልኩን አስረከበን» ይላል። የብርበራ ቅጹ ግን ቤቱ የተፈተሸው መጋቢት 4 ከሌሊቱ 11፡20፣ ተከሳሹ ባለበት ነው ይላል። የመያዣ ቅጹን ሲያዩት ደግሞ በዚያው ቀን ከጠዋቱ 12፡40 ታክሲ ተራ ላይ ተያዘ ይላል። ቅጾቹ እውነት ከሆኑ ከመያዙ በፊት ቤቱ ውስጥ ከፖሊስ ጋር ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ሥራ ገባ፣ እዚያ ተያዘ። ይህን የሚያምን ዳኛ የለም።

ማዘዣ መዝገቡ ውስጥ የለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ብርበራ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ባለው ጊዜ ነው የሚደረገው። ዐቃቤ ሕግ ወደ አንቀጽ 32 እንደሚሸሽ አውቃለሁ። ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ ያስቀጣል፣ ንብረቱም ሊሸሽ ይችል ነበር ይላል። ግን ያ አንቀጽ ቀድሞ የቀረበ ክስ ወይም አቤቱታ ይፈልጋል። የግል ተበዳይ ቃል የተመዘገበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ብርበራው ካለቀ በኋላ። ያም ላይ «ሰውየውን አላውቀውም፣ ባየው ግን እለየዋለሁ» ነው ያሉት። ታዲያ በሌሊት የልጁን ቤት ማን አሳየ? ጥቆማው በጽሑፍ የለም፤ ጠቋሚውም በምስክርነት አልተቆጠረም። የጣቢያውን የዕለት ሁኔታ መዝገብ እንጠይቅ፤ ማታውኑ አቤቱታ ቀርቦ ከሆነ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ቀርቦ ከተገኘ ክርክራችን ስለሚላላ፣ ሳናየው አፋችንን አንሙላ።

የደረጃ ምስክሮቹም ሁለት ናቸው። በማስረጃ ዝርዝሩ የተቆጠረው ግን አንዱ ብቻ ነው። የሁለቱ ፊርማ በአንድ እጅ የተጻፈ ይመስላል። ይህ የዓይን ግምት ስለሆነ በመስቀለኛ ጥያቄ እንጂ በጽሑፍ ባናነሳው ይሻላል።

ስልኩ ራሱ በየወረቀቱ መልኩን ይቀያይራል። በብርበራ ቅጹ «ሰማያዊ ሳምሰንግ ከነሲሙ» ነው። በኤግዚቢት ደረሰኙ «ጥቁር ሳምሰንግ፣ ሲም የሌለው» ሆኗል። የማስረጃ ዝርዝሩ ቀለሙን ትቶ የአይ ኤም ኢ አይ ቁጥሩን ብቻ ያሰፍራል። ቁጥሩ 15 አሃዝ መሆን ሲገባው ደረሰኙ ላይ 14 ነው፤ ዝርዝሩ ላይ 15 ሆኖ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ከደረሰኙ ጋር አይገጥሙም። ስልኩ የተያዘው መጋቢት 4፣ ኤግዚቢት ክፍል የገባው መጋቢት 7 ነው። በመካከሉ ማን ዘንድ እንደነበር የሚናገር ወረቀት የለም። የግል ተበዳይ ካርቶኑን ወይም የግዢ ደረሰኙን ስላላቀረቡም ስልኩ የእሳቸው መሆኑ በቃላቸው ብቻ የቆመ ነው።

ስለ መለየቱ አጭር ነገር ልበል። የግል ተበዳይ አንድ ሰው ብቻ፣ ረዘም ያለ፣ ጸጉሩ የተላጨ አሉ። ሌላው ምስክር፣ ባለሱቁ፣ ሁለት ሰዎች አየሁ፣ አንዱ ጎፈሬ ነበር አለ። የልጁ ፎቶ የመያዣ ቅጹ ላይ አለ፣ ጎፈሬ ነው። የመለየት ሰልፍ አልተደረገም፤ ባለሱቁ «ጣቢያ ስጠራ ተቀምጦ አየሁትና እሱ ነው አልኩ» ብሏል። «ሱቄ በር ላይ ካሜራ አለኝ»ም ብሏል። ከዚያ በኋላ ስለ ካሜራው አንድ መስመር የለም። ቅጂው በላዩ ላይ ሳይቀዳበት አይቀርም፤ ቢሆንም ፖሊስ ለምን እንዳልወሰደው መጠየቅ አለበት።

የተከሳሽነት ቃሉ መጋቢት 7፣ እሑድ ቀን የተሰጠ ነው። ሐሙስ ጠዋት 12፡40 የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ የሚሞላው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የጊዜ ቀጠሮ መዝገቡ ግን መጀመሪያ የቀረበው ሰኞ መጋቢት 8 መሆኑን ያሳያል። «አምኛለሁ» የተባለው ከሕጉ ጊዜ ውጪ በቆየበት ሰዓት ነው። ልጁ ሳይነበብልኝ ፈረምኩ ብሎኛል። በአንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ የሰጠው ቃል የለም።

የሚጎዳንንም ልንገርዎት። ባለሱቁ ልጁን ከታክሲ ተራው ያውቀዋል፣ ስለዚህ «አላየኸውም» ብሎ መግጠም አያዋጣም። ልጁም ስልኩን «ጓደኛዬ ቻርጅ አድርግልኝ ብሎ የሰጠኝ ነው» ይላል። ይህን ከያዝን «ስልኩ የእሳቸው አይደለም» የሚለውን አጥብቀን መከራከር አንችልም፤ ወደ ወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682፣ የተሰረቀ ዕቃ መቀበል፣ ሊወስደንም ይችላል። ለእኔ ብርበራውና የአያያዙ ቅደም ተከተል ይቅደም፣ የስልኩ ቁጥርና ቀለም ይከተል። ምስክሮቹ ሲቀርቡ የፖሊስ ቃላቸውን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 አስመጥተን እናሳያቸው።

ሰዓቱን ግን አሁን አናንሳው። ሾፌሩ «ከ3 ሰዓት ጀምሮ በሲኤምሲ መስመር አብሮኝ ነበር» ብሎ ሊመሰክርልን ፈቃደኛ ነው። ይህ የሚጠቅመን ድርጊቱ 3፡15 ላይ ከሆነ ነው። ሰዓቱን ወደ 2 ከመለስነው ልጁ ያኔ የት እንደነበር ማሳየት አለብን፤ ሾፌሩ ደግሞ ስለዚያ ሰዓት አልነገረኝም። ነገ ጠዋት ሄጄ እጠይቀዋለሁ። የሆስፒታሉን መዝገብ የሚያስጠይቀውን ማመልከቻ አርቅቄ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ የሾፌሩን መልስ ሳልነግርዎት እባክዎ እንዳያስገቡት።