የማክሰኞ ስብሰባ አጀንዳ፦ የስቶር መዝገባችንን ከኤክሴል ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ማዛወር

ቀን፦ የፊታችን ማክሰኞ
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 4፡05፤ ቢረዝም 4፡15
ሰብሳቢ፦ የዕቅድ ክፍል አስተባባሪ (እኔ)
ሰዓት ያዥ፦ የአይቲ ባለሙያው
ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ ጸሐፊዋ

ባለፈው በዚሁ ጉዳይ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጠን «እስቲ እንየው» ተባብለን ተበተንን። የዛሬ ሳምንት መሆኑ ነው። ስለዚህ አሁን በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ስንጨርስ በእጃችን መኖር ያለበትን ጽፌያለሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰዓት ያዡ ያቋርጣል፤ እኔንም ጭምር።

1. ያለፉት ውሳኔዎች (3፡00–3፡05)
ባለቤት፦ ጸሐፊዋ
የሚጠበቅ ውጤት፦ አራቱ የቤት ሥራዎች «አልቋል» ወይም «አላለቀም» ተብለው ይመዘገባሉ። ለምን እንዳላለቀ እዚህ አንሰማም።

2. የቆጠራ ልዩነት (3፡05–3፡30)
ባለቤት፦ የስቶር ኃላፊዋ
አከፋፈል፦ 5 ደቂቃ ገለጻ፣ 15 ውይይት፣ 5 ውሳኔ

የዕለቱ ዋና ጉዳይ ይሄ ነው። ከ412 ዓይነት ዕቃዎች በ31ዱ ላይ መዝገቡና ቆጠራው አልተገናኙም። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ችግር አይደለም። የኤ4 ወረቀቱን እዩት። ቢን ካርዱ 40 ደስጣ ይላል። ሶፍትዌሩ 8 ይላል። መደርደሪያው ላይ የተቆጠረው 37 ነው። 8 የመጣው መረጃውን ያስገባው ሰው ደስጣ ሳይሆን ካርቶን ስለቆጠረ ነው፤ አንዱ ካርቶን 5 ደስጣ ይይዛል። ይሄ የመለኪያ ስህተት ነው፣ ሌባ አንፈልግም። የጠፉት 3 ደስጣዎች ግን እውነተኛ ልዩነት ናቸው። ምናልባት ያለ ወጪ ማዘዣ ወጥተው ይሆናል።

እንደ 8ቱ ካርቶን ያለ የመለኪያ ስህተት ያለባቸውን አይቲ እስከ ሰኞ ያስተካክላል፤ ስብሰባው ላይ አይነሱም። ከዚያ በኋላም ልዩነታቸው የሚቀር 12 ዕቃዎች አሉ፣ ወረቀቱም ከነሱ አንዱ ነው። የምንነጋገረው በነሱ ብቻ ነው።

የሚጠበቅ ውጤት፦ የመነሻ ባላንሱ የካርዱ ቁጥር ይሁን ወይስ የቆጠራው? አንድ ውሳኔ፣ ለ12ቱም። የልዩነት ሪፖርቱን ማን እንደሚፈርምና በየትኛው ቀን እንደሚያስረክብም ይጻፋል። የእኔ ሐሳብ ቆጠራው ይግባና ልዩነቱ ለብቻው ይመርመር የሚል ነው። የተሻለ ያለው ይምጣ። 3፡25 ላይ ካልተስማማን ሥራ አስኪያጁ እዚያው ይወስናሉ፤ አነጋግሬያቸው እሺ ብለዋል።

3. የምንሸጋገርበት ቀን (3፡30–3፡50)
ባለቤት፦ የፋይናንስ ኃላፊው

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው፣ ወሩ ሲዘጋ ኤክሴሉን ጨርሶ ማቆም። ሁለተኛው፣ ሁለቱን ለሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ማስኬድ። ሁለተኛው ልብ ያሳርፋል፣ ግን በቀን 60 ያህል የወጪ ማዘዣ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል ማለት ነው። ይህን የሚሠሩት የስቶር ልጆች ናቸው እንጂ እኛ ስላልሆንን ሳንጠይቃቸው አንወስን። አንዱን ለዚህ 20 ደቂቃ ጠርቼዋለሁ።

የሚጠበቅ ውጤት፦ የተቆረጠ ቀን። ጎን ለጎን ከተባለ፣ ሁለቱ ሲለያዩ የሚታመነው የትኛው እንደሆነ። ነገሩ ከተበላሸም «ወደ ኤክሴል ተመለሱ» የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው። ኮሚቴ አይደለም፣ አንድ ሰው።

4. ሥልጠና (3፡50–4፡00)
ባለቤት፦ የአይቲ ባለሙያው
የሚጠበቅ ውጤት፦ በሁለት ፈረቃ የተከፈለ የሠልጣኞች ዝርዝር። ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ይመጣል፤ እኛ የምናየው ስቶሩ ባዶ የሚቀርበት ሰዓት አለመኖሩን ብቻ ነው።

5. ውሳኔዎችን ማንበብ (4፡00–4፡05)
ባለቤት፦ ጸሐፊዋ
የሚጠበቅ ውጤት፦ እያንዳንዱ ውሳኔ ከነኃላፊውና ከነቀኑ ጮክ ተብሎ ይነበባል። «አላልኩም» የሚል እዚያው ይናገር። ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ይላካል።

መጠባበቂያ 10 ደቂቃ ይዣለሁ። ለ2ኛውና ለ3ኛው ነጥብ ብቻ ነው፤ ከተነካ ሌላው በዚያው ልክ ይገፋል።

የስቶሩ በር ቁልፍ፣ የፕሪንተሩ ነገርና የአዲሱ መደርደሪያ ግዢ ማክሰኞ አይነሱም። ከተነሱ ጸሐፊዋ በሌላ ወረቀት ትይዛቸዋለች፣ ለሚቀጥለው እናያቸዋለን።

የ12ቱን ዕቃዎች ዝርዝር የስቶር ኃላፊዋ ሰኞ እስከ 6፡00 ሰዓት ይልኩላችኋል። አንድ ገጽ ነው፤ አንብባችሁ ኑ። ስብሰባው ላይ ማንበቢያ ሰዓት አልመደብኩም። መምጣት የማይችል በምትኩ የሚወስን ሰው ይላክ፤ «ለአለቃዬ እነግራለሁ» የሚል ተወካይ አይጠቅመንም።