ለማስተዋል የተዘጋጁ የአንበሴ የሐዘን መዝሙሮች

እነዚህ አምስት መዝሙሮች የተጻፉት ለእታለም ልጅ ለማስተዋል ነው። ማስተዋል ስድስት ዓመቷ ነው። አንበሴ እሷ ከመወለዷ በፊት በዚያ ግቢ ያደገ ውሻ ስለ ነበር፣ እሱ የሌለበትን ቤት አንድም ቀን አይታ አታውቅም። በእኛ በጎጃም ሰው ሲሞት አልቃሽ ግጥም ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል፣ ጎረቤት በሠልስቱ ተሰብስቦ ይውላል፤ ሐዘንተኛው ዕንባውን የሚያወርድበት ቦታና ሰዓት አለው። ለውሻ ግን ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ ደራሽም አይመጣም፤ ስለዚህ የልጅቱ ሐዘን ከትልቅ ሰው ሐዘን የማያንስ ሆኖ ሳለ የሚወርድበት ቦታ ያጣል። መዝሙሮቹ ፍትሐትም ተዝካርም አይደሉም፤ ማስተዋል የራሷን ልቅሶ እንድታለቅስ ብቻ የተሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው በትዝታ ቅኝት፣ ክራር ካለ በክራር፣ ከሌለም በእናቷ ድምፅ ብቻ ቀስ ተብሎ ይዘመራል። አንበሴ «ተኛ» ወይም «ሄደ» የሚል ቃል ሆን ተብሎ አልገባበትም፤ ውሻው ተኝቶ ቀረ የተባለች ልጅ ማታ መኝታዋን ልትፈራ፣ ሄደ የተባለችም በር በሩን ስታይ ልትከርም ትችላለችና።

አንበሴ ሞተ፣ ትናንት በጧቱ፤
ዝም አለ ደጁ፣ ዝም አለ ቤቱ።
አይተነፍስም፣ አይርበውም፤
ዝናብ ቢዘንብም፣ አይበርደውም።
እንቅልፍ አይደለም፣ የተኛ ይነቃል፤
አንበሴ ሞቷል፣ ልቤ ያውቃል።
እናቴ አቀፈችኝ፣ ዕንባዬ መጣ፤
ይውረድ አለችኝ፣ ሁሉም እስኪወጣ።

ሁለተኛው የጥያቄና የመልስ መዝሙር ነው። ማስተዋል ታወርዳለች፣ ቤተሰቡ ይቀበላል። ጥያቄዎቹ ከራሷ አፍ የተወሰዱ ናቸው፤ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ጅራቱን ስባ እንደ ነበር ለአያቷ ደጋግማ ስትናገር ተሰምታለች። በዚህች ዕድሜ ያለ ልጅ የራሱ ጥፋት ያመጣው ሞት እንደ ሆነ በቀላሉ ያምናል፤ ይህን ሸክም ማንም ሳይነግረው ተሸክሞት ይከርማል። ስለዚህ መልሱ ዙሪያውን ሳይዞር በዜማው ውስጥ በግልጥ ሊነገራት ይገባል። እናንተም ስትቀበሉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ እንጂ አታቋርጧት፤ ማልቀስ ከጀመረችም ዜማው ባለበት ይቁም፤ ሲወጣላት ከዚያው ይቀጥላል።

ማስተዋል፦
ጅራቱን ስቤ፣ አስቆጣሁት፤
በዚያ ነው ወይ፣ ያጣሁት?

ቤተሰብ፦
ቁጣ አይገድልም፣ በፍጹም ማስቱ፤
አርጅቶ ሞተ፣ ደክሞ ጉልበቱ።

ማስተዋል፦
ሲመሽ ይመጣል፣ ወይ በማለዳ?
ቂጣዬን ይዤ፣ ልውጣ ከጓዳ?

ቤተሰብ፦
አይመጣም ማስቱ፣ አንዋሽሽም፤
ብትጠብቂውም፣ አንቆጣሽም።

ማስተዋል፦
እናንተስ ደግሞ፣ ትሞታላችሁ?
ማታ ስተኛ፣ ትሄዳላችሁ?

እናት ብቻዋን፦
ሟች ነው ሰው ሁሉ፣ እውነት ነው ልጄ፤
ዛሬ ግን አለሁ፣ እጅሽ ነው በእጄ።

የመጨረሻው ሁለት መስመር ሲዘመር የእናት እጅ በእውነት የልጅቱን እጅ መያዝ አለበት።

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ቅኝትም መሣሪያም አያስፈልገውም። ሐዘን በልጅ ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ቁጣ ሆኖ ይወጣል፤ ማስተዋልም አጎቷ ከደብረ ማርቆስ ሌላ ቡችላ አመጣልሻለሁ ባላት ጊዜ ቁርሷን ገፍታ ወደ ጓሮ ሮጣ ነበር። አጎቷ በፍቅር እንደ ተናገረ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሞተ ወዳጅ በማግስቱ በሌላ አይተካም። ይህ መዝሙር በሜዳ ላይ፣ መሬቱን በእግሯ እየመታች፣ የፈለገችውን ያህል ጮክ ብላ የምትዘምረው ነው።

አልወድም ዛሬን፣ አልወድም ጧቱን፤
አልወድም ዝም ያለ፣ ባዶ በረቱን።
ሌላ ቡችላ፣ አታምጡብኝ፤
የኔ አንበሴ ነው፣ የሞተብኝ።
እግሬ ይምታው፣ መሬቱን ይምታው፤
ቁጣዬ እስኪያልቅ፣ ማንም አይግታው።

አራተኛው የማታ ነው። አንበሴ ሌሊት ይጮኽ ስለ ነበር የምሽቱ ዝምታ ከቀኑ ይልቅ ይከብዳታል። ሕፃን ሳለች የለመደችው የእሹሩሩ አወዛወዝ እንዳይለወጥ አደራ፤ አዲስ ዜማ በዚህ ሰዓት ያስነቃታል። እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ይደጋገማል።

እሹሩሩ ማስቱ፣ እሹሩሩ፤
አባትሽ ነቅቷል፣ ተዘግቷል በሩ።
ጮቄን ተሻግራ፣ ጨረቃ ስትመጣ፣
ድምፁን ፈልገሽ፣ እንቅልፍሽ ቢታጣ፣
አጠገብሽ ነኝ፣ ዕንባሽም ይውጣ።
ነገም ታለቅሻለሽ፣ ነገም ትስቂያለሽ፤
ሁለቱንም ይዘሽ፣ ከእኔ ጋር ነሽ።
ብትስቂም ነገ፣ በጨዋታ መሃል፣
አልከዳሽውም፣ አንበሴን ወደሻል።

ከእነዚህ መስመሮች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አትዝለሏቸው። ልጅ ከልቅሶ ወደ ጨዋታ በአንድ አፍታ ይሻገራል፤ ከሳቀ በኋላ ግን የሚወደውን የረሳ መስሎት ሊደነግጥ ይችላል።

አምስተኛው አንበሴ በተቀበረበት፣ ከቤቱ በስተኋላ ካለው ወይራ ሥር የሚዘመር ነው። ከጮቄ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ከሚወርደው ከጨሞጋ ዳር፣ አባቷ አብሯት ወርዶ፣ ለእጇ የሚመጥኑ ድንጋዮች ይልቀም። ማስተዋልና አብረዋት ያሉት ልጆች «አንዱ ድንጋይ» በተባለ ቁጥር አንድ ድንጋይ እያስቀመጡ ይዘምራሉ። በባቲ ቅኝት ቢሆን ይመረጣል፤ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ከተገኘ ደግሞ በየመሃሉ ይንፋበት። አንበሴ ቋንጣ የመስረቁ ነገር ከመዝሙሩ እንዲቀር አልፈቀድሁም፤ ሟችን በጥፋቱም ጭምር ማስታወስ ፍቅር ነውና፣ ሲደርስ ቢስቁም ይሳቁ።

ድንጋይ አምጡልኝ፣ ከጨሞጋ ዳር፤
የተቀበረበት፣ እንዳይሰወር።
አንዱ ድንጋይ፣ ለጩኸቱ፤
አንዱ ድንጋይ፣ ለጅራቱ፤
አንዱ ድንጋይ፣ ለጀግንነቱ፣
ጅብ ላባረረው፣ ከበረቱ፤
አንዱ ድንጋይ፣ ለሌብነቱ፣
ቋንጣ ለሰረቀው፣ ከማጀቱ፤
አንዱ ድንጋይ፣ ለእርጅናው፣
ፀሐይ ሲሞቅ፣ ለዋለው፤
ይህ ድንጋይ ደግሞ፣ የኔ ብቻ ነው፤
የምለውን ብዬ፣ እኔው ላስቀምጠው።

እዚህ ላይ ሁሉም ዝም ይበል። ማስተዋል የመጨረሻውን ድንጋይ ይዛ የፈለገችውን ትናገራለች፤ ግጥም ባይሆን፣ ቤት ባይመታ፣ ወይም ምንም ሳትናገር ድንጋዩን አስቀምጣ ብትመለስ ማንም አያርማት። የአንበሴን ስም ጠርታ የምትጨምራቸው መስመሮች ካሉ እታለም በዚሁ ወረቀት ጀርባ ትጻፍላት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲዘመር የእኔ መስመሮች ወጥተው የእሷ ይግቡ።